ዶላር እጥፍ ሆኖ ብር እንዴት ተወደደ? የእውነተኛውን ምንዛሪ ስሌት እንዴት ሠራሁት

አንድ ነገር ሲከነክነኝ ቆይቷል። በ2018 አንድ ዶላር በባንክ በአማካይ 27 ብር ከ43 ሳንቲም ነበር። በ2023 ደግሞ 54 ብር ከ60 ገባ። (እዚህ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዶላር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ብር በግማሽ ከረከሰ የእኛ ዕቃ ለውጭ ገዢ ርካሽ መሆን ነበረበት። ቡና ላኪዎች ግን በዚያው ሰሞን አላዋጣንም ይሉ ነበር። ማን ትክክል እንደሆነ ለማወቅ ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሠራሁት።

የባንኩ ተመን ብቻውን ስለ መግዛት አቅም አይናገርም። የሁለቱን አገር ዋጋ አብሮ ማየት ያስፈልጋል። ቀመሩ አጭር ነው፦

```
Q = E × P* ÷ P
```

E አንድ ዶላር በብር ስንት እንደሆነ ነው። P* የአሜሪካ የዋጋ ደረጃ፣ P የኢትዮጵያ ነው። Q እውነተኛው የምንዛሪ ተመን ነው። E በብር ስለተጻፈ Q ከፍ ሲል ብር በእውነትም ረክሷል፣ ዝቅ ሲል ተወድዷል። የአይኤምኤፍን የእውነተኛ ምንዛሪ መለኪያ የለመደ ሰው ይጠንቀቅ፤ እዚያ አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ብር ተወደደ ማለት ነው።

ዋጋውን ከዓመታዊ የዋጋ ግሽበት ገነባሁት። የኢትዮጵያ ግሽበት በ2019 15.8 በመቶ፣ በ2020 20.4፣ በ2021 26.8፣ በ2022 33.9፣ በ2023 30.2 ነበር። ብዙ ሰው እነዚህን ይደምርና ዋጋ በ127 በመቶ ጨመረ ይላል። አይሆንም። የሁለተኛው ዓመት ጭማሪ የሚያርፈው የመጀመሪያው ዓመት ባናረው ዋጋ ላይ ነው፤ ስለዚህ የሚባዛ እንጂ የሚደመር አይደለም፦

```
1.158 × 1.204 × 1.268 × 1.339 × 1.302 = 3.08
```

በ2018 100 ብር ይሸመት የነበረው አስቤዛ በ2023 308 ብር ጠየቀ ማለት ነው። በመደመር ቢሆን 227 ይወጣ ነበር። ልዩነቱ የመጨረሻውን መልስ ይገለብጠዋል። የአሜሪካ በዚያው ጊዜ ከ100 ወደ 121 ነው የሄደው። የዶላሩ ተመን ደግሞ ከ100 ወደ 199።

```
Q = 199 × 121 ÷ 308 = 78
```

መልሱ ይኸው። በ2018 100 የነበረው በ2023 78 ሆነ። ዶላር በባንክ እጥፍ ቢሆንም አገር ውስጥ ዋጋ ሦስት እጥፍ ስለሆነ ብር በእውነተኛው ሚዛን ተወድዷል። ቡናውን ለማስለቀም፣ ለማሳጠብና ለማጓጓዝ የሚወጣው ወጪ ሦስት እጥፍ ሲሆን ከአንድ ዶላር የሚገኘው ብር ሁለት እጥፍ ብቻ ነበር። ላኪዎቹ እውነታቸውን ነው።

ቀጥሎ ጥያቄውን ገለበጥኩት። Q 100 ላይ እንዲቆይ ዶላር ስንት መሆን ነበረበት? ይህ አንጻራዊ የመግዛት አቅም እኩልነት የሚባለው ስሌት ነው።

```
27.43 × 308 ÷ 121 = 69.8
```

ወደ 70 ብር ገደማ። እዚህ ጋር ነው ብዙ ሰው «እንግዲህ ትክክለኛው ዋጋ 70 ነው» ብሎ የሚያርፈው። እኔ ግን መነሻውን ቀየር አድርጌ ሞከርኩት። ከ2020 ብጀምር፣ ያኔ ዶላር 34 ብር ከ93 ነበር፣ መልሱ ወደ 66 ይወርዳል። ስሌቱ የሚነግረን መነሻው ዓመት ላይ የነበረውን ሁኔታ ለማስቀጠል የሚያስፈልገውን ተመን ነው። መነሻው ራሱ ጤናማ ካልነበረ መልሱም አይሆንም። 2018ን የመረጥኩት ብር በጥቅምት 2017 በ15 በመቶ ከረከሰ በኋላ ስለሆነ ነው፤ ይሁን እንጂ ያኔም የዶላር ወረፋ አልጠፋም ነበር፣ ብር ያኔም ውድ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ 70ን ዝቅተኛ ወለል አድርጌ ነው የያዝኩት።

የዋጋ መለኪያ ደግሞ ለውጥን እንጂ ደረጃን አያሳይም። የአሜሪካ መለኪያ 300፣ የእኛ 300 ቢሆን ዋጋችን እኩል ነው ማለት አይደለም። ደረጃን ለማወዳደር የሁለቱን አገር ዕቃ ዋጋ በየዓይነቱ መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ የዓለም ባንክ የሚያስተባብረው ትልቁ የዋጋ ንጽጽር የሚሠራው ይህንኑ ነው። በዚያ ንጽጽር እንደ እኛ ያለ አገር ሁልጊዜ ርካሽ ሆኖ ይታያል። ፀጉር መቆረጥና የቤት ሠራተኛ ደሞዝ ድንበር ተሻግረው ስለማይሸጡ ዋጋቸውን የሚወስነው የአገሬው ገቢ ነው። ይህን አይቶ ብር ከዋጋው በታች ነው የሚል ሰው አገልግሎቱን ከሸቀጡ ጋር ቀላቅሏል።

ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ ግን E ነው። የትኛውን ተመን ነው የማስገባው? በ2023 ባንክ 55 ሲል ጥቁር ገበያው መጨረሻ ላይ 100 ብርን አልፎ ነበር። ነጋዴው ዶላር ከባንክ ካላገኘ ዕቃውን የሚያስገባው በጥቁር ገበያው ሒሳብ ነው። ሱቅ ላይ የሚለጥፈው ዋጋም ያንኑ ያንጸባርቃል። ስለዚህ P ውስጥ የጥቁር ገበያው ተመን በከፊል ገብቷል፣ E ላይ ግን የባንኩ ነው የተጻፈው። የ78ቷ ትርጉም በዚህ ይጠባል። አብዛኛውን ዶላሩን ለባንክ ለማስረከብ ይገደድ ለነበረው ላኪ ልክ ናት። ከዲያስፖራ በሰው እጅ ገንዘብ ለሚደርሰው ቤተሰብ ግን አትሠራም። በእሱ ተመን ዶላር በ2018 ከነበረበት 30ዎቹ ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ ሄዷል፤ ከዋጋው ጋር እኩል ተራምዷል ማለት ነው። አሁን ሰንጠረዤ ላይ ሁለቱንም ለየብቻ እይዛለሁ።

በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ማለትም በጁላይ 29 ቀን 2024፣ ብሔራዊ ባንክ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው። ከ57 አካባቢ የነበረው ዶላር በ2024 መጨረሻ ከ120 ብር አለፈ። ስሌቱን ወደ 2024 ሳራዝመው የሚገርም ነገር መጣ። የዓመቱ አማካይ ተመን 80 ብር ገደማ ነው፣ የእኛ ግሽበት 20 በመቶ አካባቢ፣ የአሜሪካ 3 በመቶ ገደማ። Q ተመልሶ 100 አካባቢ ገባ። ወረቀት ላይ ብር ልክ 2018 ላይ ወደነበረበት የተመለሰ ይመስላል።

ግን በ80 ብር የተገበያየ ሰው ያን ዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ነው የነበረው። ወር በወር ስከፍለው እስከ ሐምሌ ድረስ Q 70ዎቹ ውስጥ ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ከ130 በላይ ነው። አማካዩ ሁለት የተለያዩ ዘመኖችን ቀላቅሎ በመካከላቸው የሌለ ቁጥር አወጣ። ተመን በድንገት በሚዘልበት ዓመት የምሠራው በወር ነው፣ ዋጋውንም ተመኑንም ከአንድ ወር ወስጄ። የታኅሣሥን ተመን ከዓመቱ አማካይ ዋጋ ጋር ብናጋባ ዋጋው በወራቱ ውስጥ የጨመረውን ስለሚያስቀር ብር ከእውነቱ በላይ የረከሰ ይመስላል።