ከጥያቄ ዝርዝሩ በፊት አንድ መስመር

አዋቂ ሰው «ትኩረቴ ይበታተንብኛል» ብሎ ሲመጣ ድሮ ቀጥታ ወደ ምልክት ዝርዝሩ ነበር የምገባው። ዘጠኝ የትኩረት ማነስ፣ ዘጠኝ ደግሞ የመቅበጥበጥና የችኮላ ምልክቶች አሉ። ዕድሜው 17 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ከአንዱ ወገን አምስት ከተገኘ ኤዲኤችዲ ለሚባለው፣ ከልጅነት ለሚጀምረው የትኩረትና የመቅበጥበጥ ችግር ቁጥሩ ሞላ ማለት ነው። ጣጣው ግን የተጨነቀ፣ ድባቴ ውስጥ ያለ ወይም እንቅልፍ ያጣ ሰውም አምስቱን በቀላሉ ሊሞላ ይችላል።

ይህን ያስተማረችኝ የ34 ዓመት የሂሳብ ሠራተኛ ናት። ሁለት ዓመት ለጭንቀት ታክማለች። እኔም በመጀመሪያው ቀን «ጭንቀት ነው» ብዬ ጻፍኩ። በትምህርቷ ጎበዝ ነበረች፤ ከቤት ስትወጣም በሩን ሦስት ጊዜ ትፈትሻለች። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ሕክምናው አልያዘላትም። ተመልሳ ስትመጣ ዝርዝሩን ትቼ ወረቀት ላይ መስመር አሰመርኩ፤ ከሰባት ዓመቷ እስከ ዛሬ። ያዘነችባቸውንና የተጨነቀችባቸውን ጊዜያት አብረን አጠቆርን። ከዚያ ነጭ ሆኖ የቀረውን እያሳየኋት «እዚህ ጋ፣ ደህና በነበሩበት ጊዜ፣ ዕቃ መርሳቱና ሥራ ጀምሮ መተዉ ነበር?» አልኳት። ነበር። በየነጩ ቦታ ሁሉ ነበር፤ ከ12 ዓመቷ በፊትም ጭምር። ድባቴ የወሰደው ትኩረት አብዛኛውን ጊዜ ድባቴው ሲለቅ ይመለሳል። የእሷ ግን የሚመለስበት ጊዜ አልነበረውም።

ስለ በሩ ስጠይቃት «ክፍት ትቼው ሄጄ አውቃለሁ፣ ያውም ሁለቴ» አለችኝ። መፍተሽ የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ስብሰባ ላይ ሐሳቧ ሲሸሽ የት እንደሚሄድም ጠየቅኳት። የተጨነቀ ሰው ብዙውን ጊዜ «ከሥራ ቢያባርሩኝስ» ዓይነት መልስ ይሰጣል። እሷ ሳቀች። የመጋረጃውን አበቦች ስትቆጥር ነበር።

የጎበዝነቷ ነገር የተፈታው በፈቃዷ ታላቅ እህቷን ሳነጋግር ነው። ማታ ማታ እናታቸው አጠገቧ ቁጭ ብለው ያስጠኗት ነበር። የቤት ሥራዋን ጨርሳ ደብተሩን ቤት ረስታ የምትሄድ ልጅ ነበረች። ጥሩ ውጤት ያየሁበት ቦታ ላይ የእናት ድጋፍ ነበር። ይህን ለብቻዋ ብጠይቃት ላታስታውሰው ትችል ነበር፤ የልጅነት ትዝታ እንደ ዛሬው ስሜት ይቀያየራል።

አንድ ጥያቄ አሁን ለማንም አልዘልም፦ ትንሽ ተኝተው በማግስቱ ደክሟቸዋል ወይስ ጉልበት ሞልቷቸዋል? ለተከታታይ ቀናት ሳይተኛ ጉልበት የሚሞላው፣ ከወትሮው የተለየ ሰው የሚሆን ከሆነ፣ ከኤዲኤችዲ በፊት ባይፖላርን፣ ማለትም ስሜትና ጉልበት በየጊዜው እጅግ ከፍና ዝቅ የሚልበትን ሕመም አጣራለሁ።

መስመሩ ሙሉ በሙሉ የሚጠቁርበት ሰውም ይመጣል፣ ነጭ ቦታ የሌለው። ያኔ ምርመራውን አልዘጋም። ድባቴውን ወይም ጭንቀቱን አስቀድመን እናክማለን፤ ሲሻለው የዛሬውን ምልክት የሚመለከተውን ክፍል ደግሜ እጠይቃለሁ።