ስልክ ላይ የተሰረዘው ዘፈን ከኮምፒውተሩም ጠፋ

የምሠራው ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ አንድ መዝናኛ ነው። ድምፅ ማጉያውን፣ ኮምፒውተሩንና ዋይፋዩን የምከታተለው እኔ ነኝ። ቤቱ ሠርግ ያስተናግዳል፤ እንግዳ ጭና ወደ ዘጌ የምትመላለስ ጀልባም አለችው። በአዳራሹም በጀልባዋም የሚሰማው ሙዚቃ አንድ ነው፦ ባለቤቱ ለዓመታት ከካሴት ያስገለበጡት ክምችት። የጎጃም የማሲንቆ ዘፈኖች፣ የድሮ የሠርግ ዘፈኖች፣ የቤተሰብ ድግስ ላይ የተቀዱ ጨዋታዎች አሉበት። አብዛኛው ኢንተርኔት ላይ ቢፈለግ አይገኝም። ካሴቶቹም ብዙዎቹ ዛሬ ቢከፈቱ አይጫወቱም። ስለዚህ ይህ ክምችት ቢጠፋ ከየትም አይመጣም።

እኔ ከመቀጠሬ በፊት የነበረው ባለሙያ ዘፈኖቹን በሦስት መሣሪያ እንዲመሳሰሉ አድርጎ ነበር፦ በአዳራሹ ኮምፒውተር፣ በአስተናጋጆች ኃላፊው ስልክና በጀልባ ነጂው ስልክ። የተጠቀመበት ፕሮግራም ሲንክቲንግ ይባላል፤ ሲፈለግ Syncthing ተብሎ ይጻፋል። ለእኛ ዓይነት ቤት ጥሩ ምርጫ ነው። ፋይሉን በሌላ ኩባንያ ሰርቨር ላይ አያስቀምጥም፤ መሣሪያዎቹ አንድ ዋይፋይ ላይ ካሉ የኢንተርኔት ፓኬጅ ሳይበሉ እርስ በርስ ይቀባበላሉ። ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ዘፈን ሲገባ ጥቂት ቆይቶ ስልኮቹ ላይ ይገኛል።

አንድ ቅዳሜ፣ ማታ ሠርግ ባለበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ዝርዝሩን ለማዘጋጀት ማጫወቻውን ከፈትኩ። ርዕሶቹ ሁሉ አሉ፤ አንዱን ስነካው ግን ፋይሉ አልተገኘም ይላል። ሌላውም እንዲሁ። ማጫወቻ ፕሮግራም የሚያሳየው የራሱን መዝገብ ነው፤ ፋይሉ ከዲስክ ቢጠፋም ስሙ መዝገቡ ላይ ሊቆይ ይችላል። ፎልደሩን ራሱን ስከፍተው ንዑስ ፎልደሮቹ አሉ፣ ውስጣቸው ባዶ ነው። ሪሳይክል ቢኑ ውስጥም ምንም የለም።

አጠገቤ የነበሩት ሁሉ ቫይረስ ነው አሉ። እኔ ግን መጀመሪያ የሲንክቲንግን ገጽ በአሳሽ ከፈትኩ፤ አድራሻው `127.0.0.1:8384` ነው። ፎልደሩ በአረንጓዴ `Up to Date` ይላል። ባዶ ፎልደር ሁሉም ነገር ተሟልቷል ብሎ ሲነግርህ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ትክክል ነበር። ፕሮግራሙ የሚያረጋግጠው ሁሉም መሣሪያዎች አንድ ዓይነት መሆናቸውን እንጂ ዘፈን መኖሩን አይደለም። ከሥር ያለውን `Recent Changes` ስነካው ነገሩ ግልጽ ሆነ። እያንዳንዱ ፋይል `deleted` ተብሎ ሰዓቱ፣ ከጎኑም ስረዛው የመጣበት መሣሪያ ተጽፏል፦ የአስተናጋጆች ኃላፊው ስልክ፣ እኩለ ቀን አካባቢ።

ልጁን ጠራሁትና ጠየቅሁት። «ስልኬ ሞልቶ ፎቶ አላነሳ አለኝ፤ ኮምፒውተሩ ላይ አሉ ብዬ ዘፈኖቹን አጠፋሁ» አለኝ። የተናገረው ማንም ሰው የሚያስበውን ነው። ችግሩ ፎልደሩ በሦስቱም መሣሪያ `Send & Receive` ተብሎ መቀመጡ ላይ ነበር። በዚህ አሠራር መሣሪያዎቹ እኩል ሥልጣን አላቸው። ከአንዱ የተጨመረው ወደ ሌላው እንደሚሄድ ሁሉ ከአንዱ የተሰረዘውም ከሌላው ይሰረዛል። ስረዛ ራሱ እንደ መልእክት ይተላለፋል።

ፕሮግራሙ ለዚህ ዓይነቱ አደጋ አንድ መከላከያ አለው። በየፎልደሩ ውስጥ `.stfolder` የሚባል ምልክት ያስቀምጣል፤ እሱ ከጠፋ ስህተት አለ ብሎ ማመሳሰሉን ያቆማል። ልጁ ፎልደሩን እንዳለ በፋይል ማስተዳደሪያ ቢያጠፋው ኖሮ ምልክቱም አብሮ ስለሚጠፋ ኮምፒውተሩ አይነካም ነበር። እሱ ግን ያጠፋው ከሙዚቃ ማጫወቻው ውስጥ ዘፈኖቹን መርጦ ነው። ምልክቱ በቦታው ቀረ፤ ፕሮግራሙም የስልኩ ባለቤት አስቦበት ያደረገው ነው ብሎ ተቀበለው።

ሲንክቲንግ ከሌላ መሣሪያ በመጣ ትእዛዝ ፋይል ሲያጠፋ ወደ ሪሳይክል ቢን አይልከውም። `File Versioning` የሚባለው ክፍል ቢከፈት ኖሮ የተሰረዙት `.stversions` በሚባል ፎልደር ይቀመጡ ነበር፤ እኛ ጋ አልተከፈተም። የኮምፒውተሩ ዲስክ ደግሞ ኤስኤስዲ ነው። ኤስኤስዲ ላይ የተሰረዘ ፋይል በማገገሚያ ፕሮግራም የመመለስ ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው፤ ዊንዶውስ ቦታው ነፃ መሆኑን ለዲስኩ ስለሚነግረው ዲስኩ ራሱ ያጸዳዋል። ስለዚህ ጊዜዬን እዚያ ላይ ማጥፋት አልፈለግሁም።

ሦስተኛው መሣሪያ ትዝ አለኝ። ጀልባ ነጂያችን ጋሼ በጠዋት እንግዳ ይዘው ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሄደዋል። ስልካቸው ላይ ያለው መተግበሪያ የሚሠራው በዋይፋይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የስረዛው መልእክት አልደረሰውም። ሙሉው ክምችት ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ነገር ግን የእኛ ዋይፋይ እስከ ጀልባ ማቆሚያው ይደርሳል። ጀልባዋ ስትጠጋ ስልኩ በራሱ ይያያዝና ያንኑ ትእዛዝ ተቀብሎ መሰረዝ ይጀምራል።

ወዲያው የኮምፒውተሩን ሲንክቲንግ ዘጋሁ። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ የልጁም ስልክ ስረዛውን ሊያስተላልፍ ይችላልና መተግበሪያውን እሱም ላይ አቆምኩ። ከዚያ ጋሼ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ የት ደረሱ?»

«እየተመለስን ነው፤ ከተማው ይታየናል። ምነው?»

«እባክዎ አሁኑኑ የስልክዎን ዋይፋይ ያጥፉልኝ። እኔ እስክመጣ ድረስ አይክፈቱት።»

«ዋይፋዩን ብቻ?»

«እሱን ብቻ። ስልኩ ይሥራ።»

ኤርፕሌን ሞድ እንዲያደርጉ ያልነገርኳቸው ሐይቅ ላይ እንግዳ የጫነ ሰው ከስልክ መቆረጥ የለበትም ብዬ ነው። ዋይፋዩ መዘጋቱ ለእኛ ሥራ ይበቃል።

ሲደርሱ ስልኩን በኬብል ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁት። በኬብል መገልበጥ ከማመሳሰል ጋር አይገናኝም፤ ፋይል ብቻ ያወጣል። የገለበጥኩትም ወደ አሮጌው ፎልደር ሳይሆን ከሲንክቲንግ ውጪ ወዳለ አዲስ ፎልደር ነው። የሠርጉን ዘፈኖች አስቀደምኩ፣ ሌላው ቀስ እያለ ቀጠለ። ሙሽሮቹ ሲገቡ የሚያስፈልገን ሁሉ ነበር። ሲያልቅ ያንን ፎልደር ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገልብጬ ዲስኩን ነቀልኩት። ምንም የማይመሳሰል፣ ማንም በስልኩ ሊደርስበት የማይችል አንድ ቅጂ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የኖረን።

በማግሥቱ አሠራሩን ከሥር ቀየርኩት። አሮጌውን ፎልደር ከሦስቱም መሣሪያ የሲንክቲንግ ዝርዝር አስወጣሁ፤ ይህ ዝርዝሩን እንጂ ፋይሎቹን አያጠፋም። አዲሱን ፎልደር ኮምፒውተሩ ላይ `Send Only`፣ ስልኮቹ ላይ `Receive Only` አልኩት። አሁን ስልክ ላይ የሚደረግ ስረዛ እዚያው ስልክ ላይ ይቀራል። ኮምፒውተሩ ከማንም ትእዛዝ አይቀበልም። ስልኩ ላይ `Revert Local Changes` የሚል ቁልፍ ይመጣል፤ ሲነካ የጠፋው ዘፈን ከኮምፒውተሩ ተመልሶ ይወርዳል። የጋሼ ስልክ ላይ የነበሩት ፋይሎች ተመሳሳይ መሆናቸውን ፕሮግራሙ ራሱ ስላወቀ እንደገና አላወረዳቸውም።

የልጁ ስልክ ግን አሁንም ጠባብ ነው፤ ለነገሩ መነሻ የሆነውን ችግር ሳይፈቱ መተው ተገቢ አይመስለኝም። ለእሱ ሙሉው ክምችት አያስፈልገውም። ስለዚህ ስልኩ ላይ ባለው `Ignore Patterns` ውስጥ ይህን ጻፍኩ፦

```
!/ሠርግ
!/ማሲንቆ
*
```

ፕሮግራሙ ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ መጀመሪያ የተስማማው መስመር ይወስናል። ቃለ አጋኖው «ይህን አትተው» ማለት ነው፤ የመጨረሻው ኮከብ የቀረውን ሁሉ ይተዋል። ይህ ዝርዝር ወደ ሌላ መሣሪያ አይተላለፍም፣ የዚያ ስልክ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ መስመሮቹ ይጻፋሉ፣ ከዚያ የማይፈለጉት ከስልኩ ይሰረዛሉ። የተተወ ፋይል ቢሰረዝ ፕሮግራሙ እንደ ስረዛ አይቆጥረውም።

ጋሼ አንዳንዴ ከእንግዳ ወይም ከዘመድ ዘፈን ያመጣሉ፤ እሱን ለማስገባት «መግቢያ» የሚል ትንሽ ፎልደር ለብቻው ከፈትኩ። እሱ ብቻ በሁለቱም በኩል `Send & Receive` ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን `Trash Can File Versioning` አለው። ይህ ጥበቃ የሚሠራው ከሌላ መሣሪያ ለመጣ ስረዛና ለውጥ ብቻ ስለሆነ መከፈት ያለበት ሊጠበቅ በሚፈለገው መሣሪያ ላይ ነው።

ወደ ዋናው ክምችት ከማዛወሬ በፊት እያንዳንዱን ዘፈን ኤምፒ3ታግ በሚባል ፕሮግራም ከፍቼ የአርቲስቱን ስም አያለሁ። ማጫወቻ ዘፈኖችን የሚሰበስበው በፋይሉ ውስጥ በተጻፈው ስም ነው፤ ፊደሉ በአንድ ከተለየ ሌላ ሰው ይሆንበታል። የእኛ ክምችት ውስጥ ጥላሁን ገሠሠ እና ጥላሁን ገሰሰ ሁለት ዘፋኝ ሆነው ነበር፤ መሐሙድ አሕመድ እና ማህሙድ አህመድም እንዲሁ። ዘፈን ጠፋ ተብሎ የሚጠራኝ ግማሹ ጊዜ ፋይሉ በሌላኛው አጻጻፍ ሥር ተቀምጦ ነው። በአማርኛ የተጻፈው በጥያቄ ምልክት ተተክቶ ከታየ ደግሞ መረጃው የላቲን ፊደል ብቻ በሚያውቅ ኮድ ተቀምጧል ማለት ነው። ፕሮግራሙን `ID3v2.3 UTF-16` እንዲጽፍ አድርጎ ስሙን እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል፤ አንዴ ወደ ጥያቄ ምልክት የተለወጠው ግን በራሱ አይመለስም። አጻጻፉን ለሁሉም እንዲሆን ወስነን ከኮምፒውተሩ አጠገብ ለጥፈነዋል፤ አዲስ የሚመጣውን ልጁም ጋሼም እያዩት ይጽፋሉ።