ቦርሳ ሙሉ ሃይላንድ፦ ለታዳጊ ተጫዋቾች ክብደት የምጨምረው መቼ ነው?

ከመስቀል አደባባይ ብዙም በማይርቅ ጊቢ ውስጥ ከ13 እስከ 16 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ኳስ አሰለጥናለሁ። ብረት የለንም። ያለን አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ከክፍል የወጣ ዴስክ፣ ጥቂት የሲሚንቶ ደረጃ፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ቦርሳና ባዶ ሃይላንድ ነው። ለጀማሪ ይህ ይበቃል፤ ክብደትን በጥቂት በጥቂቱ ለመጨመር እንዲያውም ከብዙ ጂም ይሻላል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ባለ ሁለት ሊትሩ ሁለት ኪሎ፣ ትንሹ ግማሽ ኪሎ ነው። ጠርሙሱ ግን ጢም ብሎ መሞላት አለበት፤ ጎደል ካለ ውሃው ወዲያ ወዲህ ይልና ልጁን ሚዛን ያሳጣዋል።

ወላጆች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ክብደት ቁመቱን አይቀጨውም ወይ?» አይቀጨውም። አጥንት የሚያድግበት ክፍል ከአጥንቱ ጫፍ አጠገብ ያለ ሲሆን የጉርምስና ዕድገት ሲያበቃ ይደፈናል። አዋቂ እየተከታተለው በልኩ የሚሰራ ልጅ ዕድገቱ እንደማይቆም ዛሬ የስፖርት ሐኪሞች ይስማሙበታል። ጉዳት የሚመጣው ልጆች ብቻቸውን ተፎካክረው ከአቅማቸው በላይ ሲያነሱ ነው።

ስኳት የማስተምረው ከጉልበት ከፍታ ትንሽ ከፍ ባለ አግዳሚ ወንበር ነው። ልጁ ጀርባውን ለወንበሩ ሰጥቶ እግሩን በትከሻው ስፋት ይከፍታል፤ የእግሩን ጣቶች ትንሽ ወደ ውጭ ያዞራል። ከዚያ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እየቆጠርኩ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ወንበሩን በስሱ ነክቶ ይነሳል። ዘፍ ብሎ ከተቀመጠ አይቆጠርለትም።

አንዴ ከጎን፣ አንዴ ከፊት ቆሜ አያለሁ። ከጎን የማየው ተረከዝን ነው። ተረከዝ ከተነሳ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የቁርጭምጭሚት ግትርነት ነው፤ ይህን በግድግዳ አረጋግጣለሁ። የእግሩን ጣት ከግድግዳው ወደ 10 ሴንቲ ሜትር አርቆ፣ ተረከዙን ሳያነሳ ጉልበቱን ግድግዳ ካላስነካ ግትር ነው። እንዲህ ላለው ልጅ ከተረከዙ ስር ስስ ጣውላ አደርግና በጎን ቁርጭምጭሚቱን እናፍታታለን። ከፊት የማየው ጉልበትን ነው። ጉልበት ወደ ውስጥ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ሲወርድ ሳይሆን ሲነሳ ስለሆነ መነሳቱን አተኩሬ አያለሁ። «ጉልበትህን ወደ ትንሿ ጣትህ ላከው» ስለው ከተስተካከለ ችግሩ የልምድ ነው። ብነግረውም ካልተስተካከለ ከብዶታል ማለት ነው፤ ያኔ ንግግር ትቼ ክብደት እቀንሳለሁ።

ባዶውን ሦስት ዙር፣ በየዙሩ አስር አስር ጊዜ በንጹህ ከሰራ ቦርሳ ይይዛል፤ በጀርባው ሳይሆን በደረቱ አቅፎ። ከፊት ያለ ክብደት ሚዛን ስለሚያስጠብቅ ባዶውን ወደ ኋላ ሲንገዳገድ የነበረ ልጅ ቦርሳ ሲያቅፍ ቀጥ ብሎ የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጭማሪው ላይ አንድ የክንፍ ተጫዋቼን ልውሰድ። 14 ዓመቱ ነው፣ 50 ኪሎ ይመዝናል። ማክሰኞና ሐሙስ ይሰራል፤ ጨዋታችን እሁድ ስለሆነ ቅዳሜን አንነካም። በ4 ኪሎ፣ በሦስት ዙር፣ ስምንት ስምንት ጊዜ ጀመረ። ደንባችን ክብደቱን ሳይነካ ቁጥሩን እስከ አስራ ሁለት ማሳደግ ነው። የመጨረሻውን ዙር በተከታታይ ሁለት ልምምድ አስራ ሁለት ካደረሰና አስራ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ከመሰለ አንድ ኪሎ ይጨመርና ወደ ስምንት ይመለሳል። ወደ 10 ኪሎ ሲጠጋ ጭማሪው ግማሽ ኪሎ ይሆናል። ከዙሩ በኋላ «ስንት ይቀርህ ነበር?» እላለሁ። ሁለት ወይም ሦስት የሚል መልስ ነው የምፈልገው። ልጆች ጓደኞቻቸው ፊት «አስር!» ይላሉ፤ ስለዚህ ከአፋቸው ይልቅ አነሳሳቸውን አምናለሁ። ሲነሳ መሀል ላይ ቀዝቀዝ ካለ የቀረው አንድ ወይም ሁለት ነው።

ፑሽ አፕ ላይ ክብደቱ ከፍታው ነው። መሬት ላይ ሲሰራ እጅ የሚሸከመው ከሰውነት ክብደት ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋውን ነው። እጁን 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነገር ላይ ካደረገ ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። ለዚህ ልጅ መሬት ላይ 32 ኪሎ ገደማ፣ ዴስክ ላይ 20 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። የአራት ኪሎ ቦርሳ ያስደነገጣት እናቱ ልጇ ቤት ውስጥ ፑሽ አፕ ሲሰራ ግን ምንም አይመስላትም ነበር! ከግድግዳ ወደ ዴስክ፣ ከዴስክ ወደ አግዳሚ፣ ከዚያ ወደ ታችኛው ደረጃ፣ በመጨረሻ ወደ መሬት እንወርዳለን። ከራስ እስከ ተረከዝ አንድ መስመር ይሁን፤ ክንድ እንደ ክንፍ ወደ ጎን አይዘርጋ፣ ከጎን አጥንት በግማሽ ቀኝ ማዕዘን ገደማ ይራቅ። ወገብ ከረገበ ወይም አንገት ቀድሞ ከወረደ ወደ ላይኛው ከፍታ መመለስ ነው። በጉልበት ተንበርክኮ መስራትን ብዙም አልወደውም፤ መስመሩን መያዝ አያስተምርም።

በዐቢይ ጾም እስከ ከሰዓት የማይበሉ ልጆች አሉ። በእነዚያ ሳምንታት ያለበትን እናስጠብቃለን እንጂ አንጨምርም።

የክንፍ ተጫዋቹ 12 ኪሎ ሲደርስ ተረከዙ እንደገና መነሳት ጀመረ። ቁመት በየሦስት ወሩ በር ላይ ምልክት አደርጋለሁ፤ ሦስት ሴንቲ ሜትር ተመዟል። ወንዶች በብዛት 14 ዓመት አካባቢ፣ ሴቶች 12 አካባቢ እንዲህ ይመዘዛሉ፤ አጥንቱ ሲረዝም ጡንቻው ለጊዜው ይወጠራል፣ ልጁም የለመደውን እንቅስቃሴ የረሳ ይመስላል። ብዙም ሳይቆይ «ኮች፣ እዚህ ጋ ያመኛል» ብሎ ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለውን እብጥ አሳየኝ። የጭን ጡንቻ ጅማት ከቅልጥም አጥንት የሚያያዝበት ቦታ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ለሚሮጡና ለሚዘሉ ልጆች የተለመደ ሕመም ነው፣ ሐኪምም ያንኑ አረጋገጠልን።

ስኳቱን አላስቆምኩትም። ወደ 6 ኪሎ አወረድኩት፣ ወንበሩ ላይ ጣውላ ደርቤ ከፍ አደረግሁት፣ ዝላይና የምት ልምምድ ቀነስኩለት። የሕመሙ መለኪያችን ከአስር ነው፦ ሲሰራ ከሦስት ካልበለጠና በማግስቱ ጠዋት ካልባሰበት ይቀጥላል፤ ከበለጠ ይቀነሳል። የሚያነክስ፣ ሌሊት የሚያመው ወይም ጉልበቱ ያበጠ ልጅ ግን እኔ ጋ ሳይሆን ሐኪም ጋ ነው የሚሄደው። ብሽሽቱን ወይም ዳሌውን አሞት የሚያነክስ ከሆነ የዚያኑ ቀን፤ የዳሌ ችግር አንዳንዴ ጉልበት ላይ እንደ ሕመም ስለሚሰማ ጉልበት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው።

ዕድገቱ ሲረጋ ግማሽ ኪሎ ግማሽ ኪሎ እየጨመረ ተመለሰ፤ አሁን 15 ኪሎ ላይ ነው፣ የቦርሳው ዚፕም መዘጋት እያቃተው ነው። በየሳምንቱ ስለ ብረት ይጠይቀኛል። ጂም ያለው የተለመደው ረጅም ብረት ባዶውን 20 ኪሎ ስለሆነ ከ15 ወደ 20 መዝለል የአንድ ሦስተኛ ጭማሪ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ 10 ወይም 15 ኪሎ የሆነ አጭር ብረት ያለበት ጂም እፈልጋለሁ። ካጣሁ ሁለተኛ ቦርሳ ገዝተን 18 ኪሎን አስራ ሁለት ጊዜ ሲሰራ፣ ባዶውን ብረት በሁለት ዙር አምስት አምስት ጊዜ እናስጀምረዋለን፤ ያውም ከኋላው ወንበሩ እንዳለ።