ሞኒተሩ 96 እያለ

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ሁለት የባጃጅ ሹፌሮች የ24 ዓመት ጓደኛቸውን ደግፈው ወደ ድንገተኛ ክፍል አስገቡት። «አረቄ ጠጥቶ ነው ዶክተር፣ እንቅልፍ ጥሎት ነው» አሉ። አፉ ግን አረቄ አይሸትም። የዓይኑ ብሌኖች የመርፌ ቀዳዳ አክለዋል፤ ተረኛዋ ሲስተር ደረቱን እያየች አንድ ሙሉ ደቂቃ ስትቆጥር የተነፈሰው ስድስት ጊዜ ብቻ ነው። የደም ኦክስጅኑ 71፣ ስኳሩ ደህና።

ሦስቱ ነገሮች፣ ማለትም ከባድ እንቅልፍ፣ የጠበበ ብሌንና የዘገየ ትንፋሽ አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኦፒዮይድ የሚባለው የጠንካራ ሕመም ማስታገሻ ዓይነት ነው። እዚህ አካባቢ ደግሞ በቀዳሚነት የሚነሳው ትራማዶል ነው። ሐኪሙ የኦፒዮይድ ማርከሻው ናሎክሶን እስኪዘጋጅ አልጠበቀም፤ አገጩን ወደ ላይ አንሥቶ አምቡ ባግ በሚባለው በእጅ የሚጨመቅ የመተንፈሻ ከረጢት ይተነፍስለት ጀመር። ሲስተሯ አንዱን የ0.4 ሚሊግራም አምፑል በ10 ሚሊ ሲሪንጅ ስባ 9 ሚሊ ኖርማል ሳላይን ጨመረችበት። እንዲህ ሲበጠበጥ እያንዳንዱ ሚሊ 0.04 ሚሊግራም ይይዛል፤ ቀስ እያሉ ለመስጠት ይመቻል። ሙሉውን አምፑል በአንዴ መግፋት በለመደ ተጠቃሚ ላይ ትውከትና ግርግር ያስነሳል። ትራማዶል ደግሞ ራሱ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ስለሚያመጣ ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል። 2.5 ሚሊ ሰጥተው ሁለት ደቂቃ ጠበቁ፣ ደገሙት። ትንፋሹ 12 ደረሰ፤ ዓይኑንም ገለጥ አድርጎ መለሰው።

ስህተቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በጎኑ አስተኝተው የኦክስጅን ማስክ አደረጉለትና ወደ ሌላ ታማሚ ዞሩ። ሞኒተሩ ላይ 96 ይታያል፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ቁጥሩን አይቶ ደህና ነው ብሎ ያልፋል። ከ50 ደቂቃ በኋላ ሲስተሯ ተመልሳ ስትቆጥር ትንፋሹ ሰባት ነው፤ ሞኒተሩ አሁንም 95። ኦክስጅን እየተሰጠው ያለ ሰው ጥቂት ጊዜ ቢተነፍስ እንኳ ሳንባው በኦክስጅን ስለተሞላ ቁጥሩ ቶሎ አይወርድም። በዚያው ልክ ግን ማስወጣት ያለበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፣ እንቅልፉም ይከብዳል። ማሽኑ ዝም ያለው ሰውየው ደህና ስለሆነ አይደለም። እንዲህ ያለ ታማሚ አጠገብ የሚያስፈልገው በየአሥር ደቂቃው ሰዓት ይዞ ትንፋሽ የሚቆጥር ሰው ነው።

ትንፋሹ እንደገና መውረዱ በራሱ አያስገርምም፤ ናሎክሶን ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ሠርቶ ያልቃል፣ ትራማዶል ደግሞ ከዚያ በላይ ይቆያል። ያስገረማቸው ቀጥሎ የሆነው ነው። ሌላ 0.2 ሚሊግራም ሲሰጠው ትንፋሹ 11 ደረሰ፣ ብሌኑም ሰፋ፤ እሱ ግን አልነቃም። ደረቱን በኃይል ሲጫኑት ያቃስታል፣ ተመልሶ ይተኛል። ኦፒዮይዱ ተገፍቶ እንቅልፉ ከቀረ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ የሚቸኩለው ናሎክሶን ለመጨመር ነው፤ ያለችው አምፑል በከንቱ ታልቃለች።

ሲስተሯ ጓደኞቹን ወደ ኮሪደር ወሰደቻቸው። «ምን ወሰደ?» ብላ ብትጠይቅ ኖሮ «እኛ ምን እናውቃለን» ነበር መልሱ። እሷ ግን «ፖሊስ አልጠራም ወንድሜ፤ ሊሞት ነው። ኪሱን ፈትሹልኝ» አለች። አንደኛው ከጃኬቱ ውስጥ ሁለት የክኒን ማሸጊያ አወጣ። አንዱ ትራማዶል 50፣ ስድስት ቀዳዳ። ሌላው ፕሬጋባሊን 150፣ አራት ቀዳዳ። «ያኛው የአባቱ ነው፤ ለእግር የታዘዘላቸው» አለ።

ሂሳቡን እንሥራው። ስድስት ትራማዶል 300 ሚሊግራም ነው፤ ለአዋቂ የቀን ጣሪያው 400 ነው። አራት ፕሬጋባሊን 600 ሚሊግራም ነው፤ እሱም ከቀኑ ጣሪያ አላለፈም። ማሸጊያዎቹን ለየብቻ ያየ ፋርማሲስት ለሞት የሚያደርስ ነገር አይታየውም። ችግሩ የቀን መጠን በአንድ ጊዜ መዋጡና ሁለቱ አንድ ላይ መሆናቸው ነው። ኦፒዮይድ በአንጎል ግንድ ላይ ትንፋሽን የሚያዝዘውን ክፍል ያደነዝዛል። የነርቭ ሕመም መድኃኒቱ ፕሬጋባሊንና የቅርብ ዘመዱ ጋባፔንቲን ደግሞ በነርቭ ጫፍ ያለውን የካልሲየም በር ይዘው ነርቩ የሚልከውን መልእክት ያሳንሳሉ። መንገዳቸው የተለያየ ስለሆነ ናሎክሶን አንዱን ብቻ ይፈታል፤ ለሁለተኛው ማርከሻ መድኃኒት የለም።

የእኛ አገር ሰው ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ትራማዶል ኃይለኛ የሚሆነው ጉበት ውስጥ CYP2D6 የሚባል ኢንዛይም ሲለውጠው ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ የዚህን ኢንዛይም ጂን ደራርበው የያዙ ሆነው ተገኝተዋል። እነዚህ ሰዎች ላይ አንዱ ክኒን ከሌላው ሰው ክኒን ይበረታል። ይህ ወጣት ከእነሱ ይሁን አይሁን የሚለይ ምርመራ እዚያ አልነበረም።

ከፕሬጋባሊንና ከዘመዱ ከጋባፔንቲን፣ ጋባፔንቲን ትንሽ ገደብ አለው። አንጀት በተወሰነ መጠን ብቻ ስለሚቀበለው በቀን 900 ሚሊግራም ለሚወስድ 60 በመቶ ያህሉ ሲገባ፣ 4800 ለሚወስድ 27 በመቶው ብቻ ይገባል። ፕሬጋባሊን ግን ቢበዛም ቢያንስም ከ90 በመቶ በላይ ይገባል፤ በአንድ ሰዓት ገደማም በደም ውስጥ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። ለስካር የሚፈልጉት እሱን የሆነው ለዚህ ነው፤ ሽታም የለውም። በጋባፔንቲን ላይ መተማመንም አያዋጣም፤ ሞርፊን አንጀትን ስለሚያዘገይ አብሮ ሲወሰድ የሚገባውን መጠን በ44 በመቶ ያህል ከፍ እንደሚያደርገው ታይቷል። እንግሊዝ ሁለቱንም በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች ተርታ አስገብታለች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ስለ ትንፋሽ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በሽንት ምርመራ እደርስበታለሁ ማለትም አይሠራም፤ የተለመደው የኦፒዮይድ ስትሪፕ ትራማዶልንም ፕሬጋባሊንንም አያሳይም።

በዚያች ሌሊት የተሠራው ቀላል ነበር። የሠራለት መጠን 0.2 ሚሊግራም ስለሆነ የሱ ሁለት ሦስተኛ፣ 0.13 ገደማ በሰዓት በድሪፕ ተሰጠው፤ አንድ አምፑል ለሦስት ሰዓት ይበቃል። ዓላማው ትንፋሹን ከ10 በላይ ማቆየት እንጂ ማስነሳት አልነበረም። ትንፋሹ ሲወርድ በአምቡ ይሞሉታል፣ ምራቁን ይስቡለታል። የፕሬጋባሊን ግማሽ ዕድሜ ስድስት ሰዓት ገደማ ሲሆን የሚወጣውም በኩላሊት ነው፤ ስለዚህ የኩላሊትን ሁኔታ የሚያሳየውን የክሬቲኒን ምርመራ አሠሩ፣ ደህና ሆነ። ኩላሊቱ የታመመ ቢሆን ኖሮ ቀናት ሊቆይ ስለሚችል ዲያሊሲስ ወዳለበት ይላክ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ውሃ ጠየቀ።

ሊወጣ ሲል ከአባቱ ክኒን ለሁለት ወር ያህል በየማታው ይወስድ እንደነበር ተናገረ። «ከዛሬ ጀምሮ ተው» ተብሎ ቢሸኝ ላብ፣ እንቅልፍ ማጣትና መንቀጥቀጥ ይዞት ይመለስ ነበር። ስለዚህ ትራማዶሉ ቆሞ ፕሬጋባሊኑ በሳምንታት ውስጥ እየተቀነሰ እንዲቆም ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ተላከ። አባትየው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ እግራቸውን ሌሊት ሌሊት ያቃጥላቸዋል፣ መድኃኒቱም ይገባቸዋል። ፋርማሲው በየወሩ ይሰጣቸው የነበረውን በየሳምንቱ አደረገው፤ ክኒኑም እናቲቱ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ እንዲቀመጥ ተስማሙ።