«ወስጄ ነበር፣ ግን መልሻለሁ»

አንድ ከሳሽ 180,000 ብር አበድሬ አልተመለሰልኝም ብሎ ወደ ጠበቃ ቢሮ ሲመጣ በእጁ የነበረው የብድር ውሉ ፎቶ ኮፒ ብቻ ነበር። ዋናው ውል ቤት ሲቀየር ጠፍቷል። ኮፒው ደግሞ የታችኛው ጠርዝ ተቆርጦ ወጥቶ የሁለተኛው ምስክር ፊርማ ግማሹ የለም። በቢሮው ውስጥ ጭንቀቱ ሁሉ በዚህ ወረቀት ላይ ሆነ።

ጭንቀቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ነው። ገንዘቡ ሲቆጠር አይተናል የሚሉ አሥር ሰዎች ቢቆሙ ለብቻቸው ዋጋ የላቸውም። የ500 ብሩ ልክ ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ የተቀመጠ ነው፤ ዛሬ ለአንድ ምሳ ሊያልቅ ይችላል፣ ሕጉ ግን እንዳለ ነው።

ተከሳሹ «አልተበደርኩም፣ ፊርማውም የእኔ አይደለም» ቢል ኖሮ ኮፒው ብዙ ባልተራመደ ነበር። የፊርማ ምርመራ የሚፈልገው ዋናውን ነው፤ የእስክሪብቶው ግፊትም ሆነ የመስመሩ አካሄድ በፎቶ ኮፒ ላይ በቅጡ አይታይም። ያኔ የቀረው መንገድ በቁጥር 2003 ያለው ነው። መጀመሪያ ሰነዱ መጥፋቱን፣ መሰረቁን ወይም መውደሙን ማስረዳት፣ ይህ ሲሳካ ብቻ ወደ ምስክር መሄድ። «ጠፍቶብኛል» ማለት ለዚህ አይበቃም። መቼ፣ የት፣ በማን እጅ እያለ እንደጠፋ የሚያስረዳ ሰው፣ በጊዜው ለፖሊስ አመልክቶ ከሆነም ማስረጃው ይቀርባል። ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር፤ መዝገቡን የያዘው መሥሪያ ቤት ከዋናው ጋር ትክክል ነው ብሎ ማኅተም ያሳረፈበት ግልባጭ የዋናውን ያህል ይታመናል። ይህ ግን በመንደር የተጻፈ ውል ነበር።

የተከሳሹ መልስ ሲደርስ እንዲህ ይላል፦ «ገንዘቡን መውሰዴ እውነት ነው፤ ነገር ግን 120,000 ብር ሦስት ሽማግሌዎች ባሉበት በእጁ፣ 60,000 ብር በባንክ መልሼለታለሁ።» በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር የኮፒው ጣጣ አበቃ። የታመነ ነገር ማስረጃ አያስፈልገውም። በቁጥር 2001 ግዴታ አለብህ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ያስረዳል፤ ግዴታው ቀርቷል የሚል ደግሞ መቅረቱን ያስረዳል። ሸክሙ ዞሮ ተከሳሹ ትከሻ ላይ ወረደ።

ተከሳሹ ግን ከሳሽ ዋናውን ውል ካላመጣ ይሸነፋል ብሎ ስለገመተ የመልሱን ግማሽ ገጽ ያዋለው ኮፒውን በመንቀፍ ነበር። ያመነውን ውል ማጣጣል ምን እንደሚጠቅም ለዳኛው አልታያቸውም። ሽማግሌዎቹን ሲጠራ ተቃውሞ ቀረበ፤ ቁጥር 2472 መመለስንም ስለሚመለከት ከ500 ብር በላይ መመለሱ በምስክር ብቻ አይረጋገጥም። ደረሰኝ ቢጠየቅ «ጋሼን ደረሰኝ ስጠኝ ማለት ነውር ነው» አለ። በሰፈር ወግ እውነቱን ነው። የተረፈው አንድ በር ከሳሹን ማስማል ነበር፤ ከሳሹ አልተቀበልኩም ብሎ ማለ።

የባንኩ 60,000 ብር ሌላ ታሪክ ነው። ተከሳሹ መጀመሪያ ያያዘው ከስልኩ ላይ የታተመ የዝውውር መልእክት ነበር፣ ከሳሹም ካደ። የተከሳሹ ጠበቃ ግን በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ «ዋናው መዝገብ በባንኩ እጅ ይገኛል» ብሎ አስቀድሞ ጽፎ ነበርና በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 145 መሠረት በመሐላ የተደገፈ አቤቱታ አቀረበ። አቤቱታው የሂሳብ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የገንዘቡን ልክ ለይቶ ስለጠቀሰ ባንኩ ማኅተም ያለበት የሂሳብ መግለጫ ላከ። «የሂሳብ እንቅስቃሴው ይቅረብ» ተብሎ በደፈናው ቢጠየቅ ምናልባት የሌላ ዓመት ወረቀት ይመጣ ነበር።

ከሳሹ ያኔ «እሱ የጤፍ ዋጋ ነው» አለ። አሁን ደግሞ አዲስ ነገር ያመጣው እሱ ነውና ማስረዳቱም ወደ እሱ ተመለሰ። የጤፍ ሽያጭ በምስክር ሊረጋገጥ ስለሚችል ፍርድ ቤቱ አንድ ምስክር ሰማ።

«ጤፉን ሲያስረክብ አይተዋል?»

«ስለ ጤፍ ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ።»

«ስንት ኩንታል? በስንት ብር?»

«እሱን እንኳ አላውቅም።»

ተከሳሹ 120,000 ብር ከወለድ ጋር እንዲከፍል ተፈረደ፤ በባንክ የገባው 60,000 ብር ከዕዳው ተቀነሰለት።