«ተልኳል 🙂» ሲባል ምን ማለት ነው?

ድሬዳዋ ውስጥ የትራንዚት ሥራ የሚሠራ ቢሮ ግሩፕ ላይ ይቺ ፈገግታ ከሰነድ ጋር አብራ ትዞራለች። እኔ መጀመሪያ የማደርገው ፈገግታዋን በጣት ሸፍኖ ዓረፍተ ነገሩን ብቻ ማንበብ ነው። ምክንያቱም 🙂 አፏ ይስቃል እንጂ ዓይኗ አይስቅም፤ ትርጉሟን የምትወስደው ከጎኗ ካለው ቃል ነው።

አንድ ምሳሌ እንይ። መጋዘን ያለው ልጅ ፓኪንግ ሊስቱን ለሁለተኛ ጊዜ ጠየቀ እንበል። «ማክሰኞ ልኬልህ ነበር አቦ፣ ድጋሚ ልላክልህ? 🙂» ከተባለ ነገሩ ንጹሕ ነው፤ ላኪው ራሱን አልደበቀም፣ ቀጥሎ የሚሠራውንም ተናግሯል። «ማክሰኞ እዚሁ ግሩፕ ላይ ተልኳል። 🙂» ከሆነ ግን ልብ በሉ። «ላክሁ» የሚለው «ተልኳል» ሆነ፣ ቀኑ ተጠቀሰ፣ ቻት ላይ ማንም የማይጨነቅለት አራት ነጥብም ተቀመጠ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሰውዬው ቅር ብሎታል። ለኛ አገር ሰው ከሁሉም የሚበልጠው ምልክት ደግሞ አጠራሩ ነው። ድሬ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ማለት ብርቅ አይደለም፤ ሁልጊዜ «አቦ» የሚልህ እኩያህ ድንገት «እርስዎ እንዳሉት 🙂» ካለ፣ ፈገግታዋን እርሳት።

ድካምን ከኩርፊያ የምለየው ስፋቱን አይቼ ነው። ከቀትሩ ሙቀት በኋላ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ሲያሳድድ የዋለ ሰው ለአለቃውም ለሾፌሩም ለአንተም «እሺ 🙂» ብቻ ይጽፋል። ኩርፊያ ግን አድራሻ አለው፦ ለሌላው ይቀልዳል፣ ለአንተ ያጥራል። ስለዚህ አንዱን መልእክት ነጥሎ ከመፍረድ በፊት በዚያው ቀን ለሌሎች የጻፈውን ወደ ላይ ከፍ ብሎ ማየት ነው።

ካልለየ፣ ስለ ፈገግታዋ አይጠየቅም፤ «ተናደድክ እንዴ?» ያልተናደደውንም ያናድዳል። እኔ ስለ ሥራው ነው የምጠይቀው፦ «አገኘሁት፣ አመሰግናለሁ። ሁለተኛው ገጽ ግን የለም፣ አንተ ጋ አለ?» የደከመው ዘግይቶም ቢሆን ያለ ወሬ ፋይሉን ይጥልልሃል። ያኮረፈው «ከላይ እንደተገለጸው» ይላል ወይም አለቃውን ታግ ያደርጋል። ያኔ ግሩፑን ትቶ ስልክ መደወል ነው። በ🙂 መመለስ ግን ግሩፑ ሁሉ እያየ ነገሩን ማካረር ይሆናል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። «ስላክ» በሚባለው የሥራ ቻት ፕሮግራም ላይ :) ብሎ የጻፈ ሰው፣ ቅንብሩን ካላጠፋው፣ ፕሮግራሙ ራሱ ወደ 🙂 ይቀይርበታል። ከድሮ ጀምሮ በነጥብና በቅንፍ መሳቅ የለመደ ሰው ያቺን ፊት አልመረጣትም። እንዲህ ካለው ሰው የሚነበበው ፈገግታው ሳይሆን መቅረቱ ነው፤ ሁሌ የሚያደርጋት ሰው «እሺ።» ብሎ ባዶውን ከተወው ደውሉለት።