«ማሻሻያ ዕቅድ» ተብዬው

ዛሬ ከሰዓት፣ የድሬ ሙቀት አናት ሲበሳ፣ «የሥራ አፈጻጸም ማሻሻያ ዕቅድ» የሚል ወረቀት ተሰጠኝ። ግቡ፦ በ30 ቀን ውስጥ አንድም ዕቃ ጉምሩክ ላይ እንዳይዘገይ። ኮንቴይነሩ ከጅቡቲ መቼ እንደሚገባ የምወስነው እኔ ነኝ እንዴ? «ከኃላፊው የሚደረግ ድጋፍ» የሚለው ሳጥን ደግሞ ባዶ ነው። ያለፈው ግምገማዬ «በጣም ጥሩ» ነበር እኮ! ነገሩ ገባኝ፤ «ራስህ ልቀቅልን» ነው።

«ፈርም» አሉኝ። «ደርሶኛል፤ በግቡ ግን አልስማማም» ብዬ ጽፌ፣ ቀን አስቀምጬ ፈረምኩ። ኮፒም ወሰድኩ።

መልቀቂያማ አልጽፍም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለን ሠራተኛ በማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያትና የሁለት ወር ጊዜ ያስፈልጋል። ከፈለጉ እነሱ ይጻፉ። ነገ ጠዋት ድጋፉ ምን እንደሆነ በደብዳቤ እጠይቃለሁ፤ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጌ።